ምላጭ የማይስማማው መንጋጋ

ሐሙስ ማታ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ሰው ዓርብ ጠዋት መስታወት ፊት ሲቆም ብዙ ጊዜ ምንም ችግር አያይም። ቆዳው ለስላሳ ነው፤ የመንጋጋው መስመርም ጥርት ብሎ ወጥቷል። ነገሩ የሚጀምረው ቅዳሜ ነው። ከመንጋጋው አጥንት በታች፣ አገጭና አንገት በሚገናኙበት ቦታ ላይ ያሳክከዋል። እሁድ ደግሞ ሲዳሰሱ የሚሻክሩ፣ አንዳንዶቹም ጫፋቸው ላይ መግል የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ተደርድረው ያገኛል። ሰኞ ሥራ አለና በእነዚያው እብጠቶች ላይ እንደገና ምላጭ ይሄድባቸዋል። ይደማሉ፣ ይደርቃሉ፣ ሲድኑም ጥቁር ነጠብጣብ ጥለው ያልፋሉ። እንዲህ እያለ ወራት ሲያልፉ ከመንጋጋው ሥር ያለው ቆዳ ከቀሪው ፊት ተለይቶ ጠቁሮና ሻክሮ ይቀራል።

ብዙ ወንዶች «ፊቴ ምላጭ አይስማማውም» ብለው ነገሩን እዚያው ላይ ይተዉታል። አንዱ ውሃውን፣ ሌላው ሳሙናውን፣ ሦስተኛው የሚላጭበትን ፀጉር ቤት ይወቅሳል። ቆሻሻ ያመጣው እየመሰላቸው ፊታቸውን በአልኮል ወይም በሎሚ የሚያሹም አሉ። የብዙዎቹ ችግር ግን ጀርምም አለርጂም አይደለም። የገዛ ጺማቸው ነው። ተቆርጦ ሲያድግ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ የገባ ጺም።

ጆን ስትራውስና አልበርት ክሊግማን የተባሉ አሜሪካውያን የቆዳ ሐኪሞች ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ በዝርዝር ገልጸውታል። በሕክምናው ቋንቋ «ፕሲውዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ» ይባላል። ስሙ ይከብዳል እንጂ አመጣጡ ለመረዳት ቀላል ነው። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሰው ጺሙን ሲላጭ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ውጭ አቅንቶ ያድጋል። ፀጉሩ የተጠቀለለ ሰው ግን የፀጉሩ ሥር ራሱ ከቆዳው በታች የጎበጠ ስለሆነ ጺሙ የሚወጣው ቆዳው ላይ እንደተኛ ነው። ምላጭ ይህን የተኛ ፀጉር አግድም ሲቆርጠው ጫፉ እንደተቀረጸ እርሳስ ይሾላል። የሾለው ጫፍ ትንሽ እንዳደገ ወደ ታች ይታጠፍና ከወጣበት ቀዳዳ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆዳውን ወግቶ ይገባል። ሰውነትም የገባበትን ፀጉር እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይዋጋዋል። ቅዳሜ የሚጀምረው ማሳከክና እሁድ የሚታየው እብጠት የዚህ ውጊያ ምልክት ነው። ሐበሾችን ጨምሮ ጥቅጥቅ ያለና የተጠቀለለ ጺም ያላቸው ወንዶች በዚህ ችግር የሚቸገሩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛ መንገድም አለ፤ ይኼኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነው። ፀጉሩ ከቆዳው ወለል በታች ሆኖ ሲቆረጥ ጫፉ ወደ ውስጥ ይሸሻል። እንደገና ማደግ ሲጀምር መውጫ ቀዳዳውን ሳያገኝ የራሱን ቦይ ግድግዳ በጎን ይወጋል። ይህ ፀጉር ጭራሽ ወደ ውጭ ሳይወጣ ነው እብጠት የሚፈጥረው።

ፀጉር ከቆዳ በታች እንዴት ይቆረጣል? ባለብዙ ስለት መላጫዎች የተሠሩት በትክክል ለዚህ ነው። ጂሌት ባለሁለት ስለቱን መላጫ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ባለሦስት ስለቱ ደግሞ በ1998 ተከትሏል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ይዞ ከቀዳዳው በትንሹ ይስበዋል፤ ፀጉሩ ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት ተከታዩ ስለት ደርሶ ከሥሩ ቀረብ አድርጎ ይቆርጠዋል። ሲለቀቅ ቀሪው ከወለሉ በታች ይሰምጣል። ቀጥ ያለ ፀጉር ላለው ሰው ይህ ለረጅም ሰዓት የሚቆይ ልስላሴ ይሰጠዋል። ፀጉሩ ለተጠቀለለ ሰው ግን ያው ልስላሴ ከሁለት ቀን በኋላ በእብጠት የሚከፈል ዕዳ ነው። ቆዳን በአውራ ጣት ወጥሮ መላጨትና ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ መሄድም ውጤታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ፀጉሩን ከሚገባው በላይ አሳጥረው ይቆርጡታል።

እንግዲህ ነገሩ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ጥርት ያለ መንጋጋ የሚፈልግ ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገው ይበልጥ ጠጋ አድርጎ መላጨት ነው። ለዚህ ዓይነት ጺም ግን መፍትሔው ተቃራኒው ነው፤ ትንሽ ማስቀረት። ከቆዳው በላይ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊሜትር ያህል የቀረ ጺም ከሰው ጋር ቆሞ በሚወራበት ርቀት እምብዛም አይታይም። እብጠትና ጥቁር ነጠብጣብ ግን ከሩቅ ይታያሉ።

መንጋጋ ከቀሪው ፊት ይልቅ የሚጎዳበት የራሱ ምክንያት አለው። ጉንጭ ላይ ፀጉሩ በአብዛኛው ወደ ታች ስለሚያድግ መላጫውም ወደ ታች ይሄዳል፤ ብዙ ጣጣ የለውም። የመንጋጋውን አጥንት አልፎ ወደ አንገት ሲወርድ ግን አቅጣጫው ይቀየራል። ከአጥንቱ ሥር ወደ ጎን የተኛ ይሆናል፤ አንገት ታችኛው ክፍል ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ላይ ወደ ላይ ያድጋል። አንዳንዱ ሰው ማንቁርቱ አጠገብ እየዞረ የሚበቅል ጺም አለው። በዚህ ላይ የአንገት ቆዳ ስስና ልል ነው። ከጉንጩ ጀምሮ አጥንቱን ተሻግሮ እስከ አንገቱ ድረስ በአንድ ስባት የሚወርድ ሰው ሁለት ስህተት በአንድ ጊዜ ይሠራል፦ ስለቱ አጥንቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ የእጁ ግፊት ሁሉ በዚያች ቀጭን መስመር ላይ ያርፋል፤ አጥንቱን ካለፈ በኋላ ደግሞ ሳያውቀው ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ይሄዳል።

ይህ ችግር የተጠናበት ዋነኛ ስፍራ የአሜሪካ ጦር ነው። ወታደሮቹ በየቀኑ እንዲላጩ ይገደዱ ስለነበር በተለይ ጥቁር ወታደሮች ፊታቸው እየቆሰለ ሐኪም ዘንድ ይሄዱ ነበር። የሐኪሞቹም የመጀመሪያ ትእዛዝ ቅባት ሳይሆን ዕረፍት ነበር፤ ምላጭን ለተወሰኑ ሳምንታት ማቆምና ጺሙን በመቁረጫ ከ6 ሚሊሜትር ባልበለጠ ርዝመት መያዝ። ጺምን ማሳደግ የሚያድንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቆዳ ውስጥ የገባው ፀጉር እያደገ ሲሄድ ጉብታው ይሰፋል፣ ፀጉሩ ራሱን ይወጥራል፣ በመጨረሻም ጫፉን ከገባበት ነቅሎ ያወጣል። የሾለ ጫፍ እስካልተፈጠረ ድረስ ደግሞ አዲስ እብጠት አይመጣም።

አሁን ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። በየቀኑ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ መሥሪያ ቤቱ ንጹሕ ፊት የሚፈልግበት የ30 ዓመት የባንክ ሠራተኛ እናስብ። ባለሦስት ስለት መላጫ ይጠቀማል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ቸኩሎ ይላጫል፤ ከመንጋጋው ግራና ቀኝ ሃያና ሠላሳ እብጠት አለው። ይህ ሰው ነገ ጠዋት የተሻለ መላጫ ገዝቶ ቢጀምር ምንም አይጠቀምም። ምክንያቱም የገቡት ፀጉሮች እዚያው ናቸው፤ የትኛውም ስለት እብጠቶቹን ከላያቸው ይቀነጥባቸዋል።

የመጀመሪያው ሥራው ምላጭን ለአራት ሳምንት ያህል ማቆም ነው። በእነዚህ ሳምንታት ጺሙን በቶንዶስ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር አድርጎ ይይዘዋል፤ ማበጠሪያ መሰሉ መከላከያ ስላለው ቶንዶሱ ቆዳውን አይነካም። የመጀመሪያው ሳምንት ያስቸግረዋል፤ ማሳከኩ ከበፊቱም ሊብስ ይችላል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ምላጭ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ፎጣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቦታው ላይ ቢይዝና ከዚያ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በዝግታ እያዞረ ቢያሸው ከላይ የቀረቡት ፀጉሮች እየተፈቱ ይወጣሉ። ብሩሹ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚውል መሆን አለበት።

አንዳንዱ ፀጉር ሁለት ጫፉ ቆዳ ውስጥ ገብቶ መሐሉ እንደ ቅስት ከላይ ይታያል። እሱን በአልኮል በተጠረገ መርፌ ከቅስቱ ሥር ገብቶ የተቀበረውን ጫፍ ማንሳት ይቻላል። ማንሳት ብቻ። በወረንጦ ነቅሎ ማውጣት ለጊዜው ያረካል፤ ነገር ግን አዲሱ ፀጉር ከታች ሲመጣ ቦዩን እየወጋ ስለሚያድግ ቦታው ከበፊቱ የባሰ ያብጣል። ፀጉሩ ከላይ የማይታይ ከሆነ ደግሞ መርፌ ይዞ መፈለግ ቆዳን መቆፈር ነው፤ ጠባሳ የሚመጣው ከዚያ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ቁስሉ ሲድን እያደገ የሚያብጥ ጠባሳ ያለበት ሰው መርፌውን ጨርሶ ባይነካ ይሻለዋል።

እብጠቶቹ ሲጠፉ፣ ወደ ምላጭ ከመመለሱ በፊት፣ ጺሙ የሦስት ቀን ያህል ሲሆን ፊቱን ማጥናት አለበት። የጣቱን ጫፍ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከጆሮ ወደ አገጭ፣ ከአገጭ ወደ ጆሮ ያንሸራትታል። ሲዳብስ ለስለስ ያለበት አቅጣጫ ፀጉሩ የተኛበት ነው፤ የሚያደናቅፈው ተቃራኒው ነው። ወረቀት ላይ ፊት ስሎ በየቦታው ቀስት ቢያደርግ ይጠቅመዋል። የእኛ የባንክ ሠራተኛ ለምሳሌ ግራ መንጋጋው ሥር ያለው ጺም ወደ ጆሮው፣ ቀኙ ደግሞ ወደ ታች የሚያድግ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት አለመሆናቸው የተለመደ ነው፤ አንዱ ጎን ብቻ የሚያብጥበት ሰውም መልሱን እዚህ ያገኘዋል።

መላጫውስ? አንድ ስለት ብቻ ያለው ይሁን። በየሱቁ የሚገኘው ባለአንድ ስለት ርካሽ መላጫ ለዚህ ሰው ከውዱ ባለአምስት ስለት ይሻለዋል። ሲላጭ መጎተት ከጀመረ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው፤ ጥቅጥቅ ላለ ጺም ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ካገለገለ በኋላ ቢጣል ጥሩ ነው። የደነዘ ስለት ያለው ሰው ሳያውቀው ይጫናል፤ መጫን ደግሞ ቆዳን አሳብጦ ስለቱ ከወለሉ በታች እንዲቆርጥ ያደርገዋል።

ለመላጨት ጥሩው ጊዜ ገላን ከታጠቡ በኋላ ነው። ጺም ደረቅ ሳለ ጠንካራ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ኃይልም ብዙ ይቀንሳል። ለዚህ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ያህል ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ቧንቧው ውሃ በማይመጣበት ቀን በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ፊት ላይ ማቆየት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከዚያ የመላጫ አረፋ ወይም ጄል ተቀብቶ ሌላ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። የገላ ሳሙና አረፋው ቶሎ ይደርቃል፣ ቆዳንም ያደርቃል፤ ሌላ ሲጠፋ የሚያዝ እንጂ የሚመረጥ አይደለም።

ከዚያ ወደ መንጋጋው። ይህ ቦታ በሁለት ተከፍሎ ቢላጭ ይሻላል። ከጉንጭ ወደ ታች የሚመጣው ስባት የአጥንቱ ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ አጥንቱን አይሻገርም። መላጫው ይታጠባል። ከአጥንቱ ሥር ያለው ክፍል ደግሞ ለብቻው፣ ወረቀቱ ላይ የተሣለውን ቀስት ተከትሎ ይላጫል። እያንዳንዱ ስባት አጭር ነው፤ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ይበቃዋል። መላጫው በራሱ ክብደት ይሄዳል፣ እጅ ይመራዋል እንጂ አይጫነውም። ከእያንዳንዱ ስባት በኋላ መታጠብ አለበት፤ በአረፋና በፀጉር የተደፈነ ስለት መቁረጡን ትቶ መፋቅ ይጀምራል።

አንገቱን ለማየት አንጋጦ ጣሪያ ጣሪያ የሚያይ ብዙ ሰው አለ። ይህ ቆዳውን ይወጥረዋል፤ ውጤቱ በአውራ ጣት ከመወጠር አይለይም። አገጭን ቆዳው እስኪዘረጋ ድረስ በትንሹ ማንሳትና ፊትን ወደ ጎን ማዞር ይበቃል። አንድ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ተሂዶ ጺም ከቀረ አረፋ ጨምሮ ፀጉሩን በጎን እያቋረጡ ሁለተኛ መሄድ ይቻላል። ሦስተኛ ጊዜ የለም፤ ተቃራኒ አቅጣጫም የለም። ሲጨርስ በጣቱ ቢዳብሰው ትንሽ ይሻክረዋል። መሆን ያለበትም እንደዚያው ነው።

ይህን ሁሉ አድርጎም እብጠት የሚመለስበት ሰው ይኖራል። እሱ ምላጩን ጨርሶ ትቶ በየአንድ ወይም በየሁለት ቀኑ በቶንዶስ ቢላጭ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ቶንዶሱ «ዜሮ» ሆኖ ቆዳው ላይ ተጭኖ ከሄደ ከምላጭ ብዙም አይለይም፤ ጥርሱ ቆዳውን እየጨበጠ ይቆርጣል። ለመንጋጋና ለአንገት አንድ ሚሊሜትር የሚያስቀር መከላከያ ቢደረግበት ይሻላል።

ጺሙን አሳድጎ ጠርዙን ብቻ ማስተካከል የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው፦ መስመሩ የት ይሁን? በየፀጉር ቤቱ የሚታየው የተለመደ ስህተት መስመሩን የመንጋጋው አጥንት ላይ ማድረግ ነው። የተሠራ ዕለት ያምራል። በሁለተኛው ቀን ግን ከመስመሩ በታች የበቀለው ጺም ሰፊ ቦታ ይዞ ስለሚታይ መንጋጋው የተዝረከረከ ይመስላል፤ ባለቤቱም ያንን ለማጥፋት በየቀኑ ስስ የሆነውን ቆዳ ይላጨዋል። ትክክለኛው መስመር ከዚያ ዝቅ ይላል። ከማንቁርት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ የሚጀምርና እየጎበጠ ከጆሮ ጀርባ ወደሚገኘው ቦታ የሚወጣ ቅስት ነው። ከአጥንቱ ሥር የቀረው ጺም እንደ ጥላ ሆኖ መንጋጋውን ጎላ አድርጎ ያሳየዋል። ከቅስቱ በታች ያለው በቶንዶስ አንድ ሚሊሜትር ቢደረግ በቂ ነው፤ ምላጭ አያስፈልገውም።

ፀጉር ቤት የሚላጭ ሰው ይህን ሁሉ በቃል ማስረዳት አለበት፤ አፍሮ ዝም ቢል የሚጎዳው የራሱ ፊት ነው። የብዙ ቤቶች ልማድ ቶንዶሱ ከሄደ በኋላ ግማሽ ምላጭ እጀታ ውስጥ ገብቶ፣ ቆዳው በአውራ ጣት ተወጥሮ፣ ከታች ወደ ላይ ጠርዙን ማጥራት ነው። ከላይ የተነገረው ክፉ ነገር ሁሉ በዚህች አንድ እንቅስቃሴ ውስጥ አለ። «ወንድሜ፣ አንገቴ ላይ ምላጩን ተወው፤ በቶንዶስ ጨርስልኝ» ማለት በቂ ነው። ምላጭ የግድ ከሆነ አዲሱ ሲከፈት በዓይን ማየት ነው፤ ደም በነካ ምላጭ ኤች አይ ቪ ብቻ ሳይሆን የጉበት በሽታ አምጪው ሄፓታይተስ ቢም ይተላለፋል። ቶንዶሱም በደንብ ካልጸዳ ጭርት ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ያሻግራል። የራሱን ቶንዶስ ይዞ የሚሄድ ደንበኛን ባለሙያዎቹ አሁን አሁን ለምደውታል።

ከመላጨት በኋላ ያለው እንክብካቤ አጭር ነው፤ ብዙዎች የሚያበላሹት ነገር በማብዛት ነው። ፊቱ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። የነደደ ቦታ ካለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለአምስት ደቂቃ ይያዝበታል። ፎጣው ፊቱን ሳይፈትግ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ያደርቀዋል። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሽቶ የሌለው ተራ ሎሽን ይቀባል። በውሃ የቀጠነ ግሊሰሪንም ይሆናል። የሚያቃጥል አልኮልና ሽቶ ያለው ነገር መንደዱ የሥራው ምልክት ይመስላል እንጂ የተቀበረ ፀጉርን አያወጣም፤ ቆዳን አድርቆ ይበልጥ እንዲቆጣ ያደርጋል። የሎሚ ጭማቂ ደግሞ የባሰ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ሊያቃጥልና ሊያጠቁር ይችላል።

የቀሩት ጥቁር ነጠብጣቦች የቁጣው አሻራ ናቸው። አዲስ እብጠት እስካልመጣ ድረስ በራሳቸው እየደበዘዙ ይሄዳሉ፤ ወራት ግን ይፈጃሉ። ፀሐይ ያጠነክራቸዋል። ስለዚህ ቀን ቀን ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም መቀባት ይረዳል። ማታ ማታ ሳሊሲሊክ አሲድ ወይም ግላይኮሊክ አሲድ ያለው ቅባት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢጠቀም የቆዳውን የላይኛ ሽፋን እያሳሳ ፀጉሩ እንዳይቀበር ያግዛል። በተላጨበት ዕለት ግን አይቀባም። መግል የሚይዙ እብጠቶች ካሉ ፋርማሲ ውስጥ የሚገኘው 5 ፐርሰንት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይጠቅማል። ፎጣና የሸሚዝ ኮሌታ እንደሚያነጣ ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አጥብቆ መነገር አለበት። «ፊት ያጠራል» ተብለው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ክሬሞች ውስጥ ብዙዎቹ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው። ሲቀቡ እብጠቱ በሁለት ቀን ይጠፋል፤ ተአምር ይመስላል። ለሳምንታት ሲቀጥሉበት ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ብጉር ይፈላል፣ ያቆሙት ቀን ደግሞ ሁሉም በእጥፍ ይመለሳል። ሐኪም ለስለስ ያለውን ሃይድሮኮርቲዞን ለጥቂት ቀን ሊያዝ ይችላል። ያ ሌላ ነገር ነው፤ መጠኑም ጊዜውም የተወሰነ ነው።

ፊት ላይ የወጣ ሁሉ ደግሞ የተቀበረ ፀጉር አይደለም። ምላጭ ለወር ተትቶም አዲስ እብጠት መውጣቱ ከቀጠለ፣ ክብ ሆኖ ጠርዙ የሚቀረፍ ነገር ከታየ፣ ወይም ቦታው ግሎ የሚያምና ትኩሳት የሚያመጣ ከሆነ ጭርት ወይም የባክቴሪያ ቁስል ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ማየት አለበት። በመንጋጋው ማዕዘን ላይ ጠንክሮ እያደገ የሚሄድ ጠባሳም እንዲሁ፤ ትንሽ ሳለ ማከም ይቀላል። አዲስ አበባ ውስጥ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምናው ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል።

በምንም መንገድ ለማይለቀው ሰው ፀጉሩን ራሱን የሚቀንስ የሌዘር ሕክምና አለ። ለጠቆረ ቆዳ ተመራጩ ኤንዲ ያግ የሚባለው፣ ሞገዱ 1064 ናኖሜትር የሆነው ነው፤ ብርሃኑ የቆዳውን ቀለም እምብዛም ሳይነካ ወደ ፀጉሩ ሥር ይወርዳል። ለነጣ ቆዳ የተሠሩት ሌሎቹ ዓይነቶች የጠቆረ ቆዳን አቃጥለው ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት ሊተዉ ይችላሉ። በአሜሪካም ሆነ በዱባይ ርካሽ ዋጋ አይቶ የሚገባ ሰው ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት የማሽኑን ዓይነት ነው። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ በሳምንታት ልዩነት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የተነካው ቦታም ጺም እየሳሳ ስለሚሄድ ወደፊት ጺሙን ማሳደግ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

የባንክ ሠራተኛው እዚያ አይደርስም። ምላጭ አቁሞ በቆየባቸው ሳምንታት የገቡት ፀጉሮች ከወጡለት፣ ከዚያም ቀስቱን ተከትሎ በአንድ ስለት ከተላጨ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ከመንጋጋው ሥር የሚቀሩት ነጠብጣቦቹ ብቻ ይሆናሉ። አልፎ አልፎ ቸኩሎ በተላጨ ማግስት አንድ ሁለት እብጠት ብቅ ይልበታል። ያኔ ማድረግ ያለበት እብጠቶቹ ያሉባትን ቦታ ብቻ ከምላጭ ማሳረፍ ነው። እስኪጠፉ ድረስ እሷን በቶንዶስ እያሳጠረ ቀሪውን ፊቱን እንደወትሮው ይላጫል።